ሰባት ሉህ በአንድ ጠዋት፦ ደሴ ላይ የአስቤስቶስ ጣሪያ ስንቀይር የሆነው

ባለፈው ኅዳር ደሴ ላይ የአንድ እህል መጋዘን ጣሪያ ቀየርን። ቀላል ሥራ ነበር የመሰለኝ። አሮጌውን ክዳን ማንሳት፣ የዛገውን ማገር መጠገን፣ ከዚያ ኢጋ ቆርቆሮ መምታት። ለባለቤቱ አምስት ቀን ይበቃናል አልኩት። ሥራው ግን 11 ቀን ፈጀ። አሮጌው ክዳን የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ነበር። እኔ ከመድረሴ በፊት ሰባቱ ሉህ በመዶሻ ተሰባብሮ ግቢው ውስጥ ተዘርግቶ ጠበቀኝ።

መጋዘኑ ከጦሳ ሥር ካሉት ሰፈሮች በአንዱ ነው ያለው። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ ወርዱ 8 ሜትር፣ ርዝመቱ 9 ሜትር። ያሠሩት በሕይወት የሌሉ የእህል ነጋዴ ናቸው። ሚስታቸው እዚያው ግቢ ውስጥ ከፊት ለፊት ባለው ቤት ይኖራሉ። እኔን የቀጠረኝ ልጃቸው፣ የአሁኑ ባለቤት ነው።

ጣሪያው ግራጫ፣ ሞገድ ያለው፣ ከብረት ቆርቆሮ እጅግ የወፈረ ሉህ ነው። በየሥራ ቦታው የሲሚንቶ ቆርቆሮ እንለዋለን። ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። በአንድ በኩል 20፣ በሌላው 20፣ በጠቅላላ 40 ሉህ። አንዱ 2.4 ሜትር ይረዝማል፣ 1 ሜትር ከምናምን ይሰፋል። በስሌት አንዱ ወደ 38 ኪሎ ይመጣል፤ ጣሪያው በሙሉ አንድ ቶን ተኩል ማለት ነው። ሉሆቹ የተያዙት ማገሩን ከሥር በሚያቅፍ መንጠቆ ብሎን ነው። ብሎኖቹ ከዛጉ ቆይተዋል።

ያ ሰኞ ጠዋት

ጥፋቱን የምጀምረው ከራሴ ነው። የማፍረሱን ሥራ ለሁለት ወጣቶች በቁርጥ ሰጠኋቸው። «ይህን ያህል ብር፣ ስትጨርሱ ትሄዳላችሁ» ነው ያልኳቸው። ሉሁ ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም። ጠዋት አብሬያቸው እሆናለሁ፣ ያኔ አስረዳለሁ ብዬ ነበር። እነሱ ግን በቁርጥ የገቡ ሠራተኞች ናቸው። ቶሎ ከጨረሱ ሌላ ሥራ ይይዛሉ። ጎህ ሲቀድ ጣሪያው ላይ ወጡ።

መጀመሪያ ብሎኑን በቁልፍ ሊፈቱ ሞከሩ። የዛገ ብሎን አይፈታም፣ አብሮ ይዞራል። ሁለተኛው ላይ ሰለቹ። አንደኛው በመዶሻ ብሎኑ ዙሪያ ያለውን ሉህ መታው። ሉሁ ተሰነጠቀ፤ የቀረውን በእግሩ ገፋው። ሥራው ቀለለ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሰባት ሉህ አወረዱ። አወረዱ ማለቴ ከአራት ሜትር ላይ ጣሉት።

እኔ በሩ ላይ ስደርስ አንዲት ልጅ ግቢውን በደረቁ ትጠርጋለች። ነጭ አቧራ በፀሐዩ ውስጥ ይታያል። በመጋዘኑና በቤቱ መካከል ሰሌን ላይ የባለቤቱ እናት በርበሬ ተሰጥቷል፣ ወደ አንድ ፈረሱላ ይሆናል።

ጮህኩ። «ውረዱ! መዶሻውን ተዉት! አንቺም መጥረጊያውን አስቀምጪ!» ልጆቹ ደነገጡ። «ጋሼ፣ ምን አጠፋን? ለመጣል አይደል?» አለኝ አንደኛው። እውነቱን ነው። ለመጣል ነው። ችግሩ ያለው አጣጣሉ ላይ ነው።

ሲሰበር ምን ይሆናል

ሉሁ አብዛኛው ሲሚንቶ ነው። ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው አስቤስቶስ ነው። አስቤስቶስ ከመሬት የሚወጣ ማዕድን ሲሆን እንደ ቃጫ ይተረተራል። ሲሚንቶውን አስሮ የሚይዘው እሱ ነው። ጭቃ ቤት ስንሠራ ጭቃው ውስጥ ጭድ የምንጨምረው ለምንድን ነው? እንዳይሰነጠቅ ነው። ያው ሥራ ነው።

ሉሁ ሙሉ ሆኖ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ ቃጫው ሲሚንቶው ውስጥ ተቀብሮ ነው ያለው። ብዙ አይወጣም። ሰዎች ከሥሩ አርባና ሃምሳ ዓመት መኖራቸው ብቻውን አያስደነግጥም። ሲሰበር፣ ሲጋዝ፣ ሲበሳ ወይም በሽቦ ብሩሽ ሲፋቅ ግን እስሩ ይፈታል። ከስብራቱ ጠርዝ ቃጫ ወደ አየር ይወጣል።

ያ ቃጫ ታዲያ አይታይም። በፀሐዩ ውስጥ ያየሁት ነጭ አቧራ ትልቅ ትልቁ የሲሚንቶ ዱቄት ነው። የሚያሳስበው ከ3 ማይክሮን የቀጠነው ነው። የራሳችን ፀጉር 70 ማይክሮን አካባቢ ነውና ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ አስቡት። እንዲህ ያለ ቀጭን ነገር ቶሎ አይወርድም፤ አየር ላይ ለሰዓታት ይቆያል። የወደቀውም ሰው ሲረግጠው ወይም መጥረጊያ ሲነካው እንደገና ይነሳል። አይሸትም፣ አያስነጥስም። ልጆቹ ምንም እንዳልተሰማቸው ነገሩኝ። አምናቸዋለሁ።

ሳንባ አቧራ ሲገባበት የሚያጸዱ ሕዋሳት አሉት፤ ቆሻሻውን ውጠው ያስወግዳሉ። ረጅም ቃጫ ግን ከሕዋሱ ይረዝማል። ሊውጠው ይሞክራል፣ አይችልም፣ ይሞታል። ቦታው ይቆጣል፣ ጠባሳ ይይዛል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ሳንባው ይደድራል፤ ያ አስቤስቶሲስ ነው። የሳንባ ካንሰርም ይመጣል። የሳንባና የሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ የሚወጣ ሜሶቴሊዮማ የሚባል ካንሰርም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም ዓይነት አስቤስቶስ ካንሰር እንደሚያመጣ አስታውቋል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 ጀምሮ በአጠቃላይ ከልክሎታል፤ ደቡብ አፍሪካ በ2008 ከለከለች፣ ሁለቱም በፈረንጆቹ አቆጣጠር።

ክፉው ነገር ጊዜው ነው። በሽታው የሚወጣው ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። የ20 ዓመት ልጅ ዛሬ የሳበው በ55 ዓመቱ ሲያስለው፣ ያን የደሴ መጋዘን ማን ያስታውሳል?

ልጆቹ «አሁን ሐኪም ቤት እንሂድ?» ብለው ጠየቁኝ። ቀጥታ ነገርኳቸው። ዛሬ ራጅ ብትነሱ ምንም አይታይም። የገባውን ማውጣት የሚችል መድኃኒትም የለም። አደጋው ግን በተሳበው መጠን ይጨምራል። የሃያ ደቂቃ ሥራ ብቻውን የሚያመጣው አደጋ ትንሽ ነው። ዕድሜ ልኩን ጣሪያ የሚያፈርስ ሰው እንዲህ ሲሠራ ከኖረ ነው ትልቁ አደጋ። አንደኛው ያጨሳል። አስቤስቶስና ሲጋራ ሲገናኙ የሳንባ ካንሰር ዕድል ከሁለቱ ድምር በላይ እንደሚሆን ነገርኩት። አቀርቅሮ ዝም አለ።

ሌላም የፈራሁት ነገር ነበር። ሁለቱም ሉሁ ላይ ቆመው ነበር። የብረት ቆርቆሮ ሲከዳ ይጎብጣል፣ ያስጠነቅቃል። አሮጌ የሲሚንቶ ሉህ ግን እንደ ሸክላ ነው፤ ድንገት ይከዳል። ከሥር ያለው የድንጋይ ወለል ነው። ያን ጠዋት ማንም አለመውደቁ የአላህ ጥበቃ ነው።

በርበሬው

ጽዳቱን የጀመርነው ከሰው ነው። ሦስቱም ልብሳቸውን በእርጥብ ጨርቅ አበስን፤ ላያቸው ላይ የለበሱትን አወለቁና በማዳበሪያ አስሬ አስቀመጥኩት። እጅ፣ ፊትና ፀጉር በሳሙና ታጠቡ። ልብሱን ወደ ቤት እንዳይወስዱ ከለከልኩ፤ ሌላ ልብስ ከባለቤቱ አገኘን። ይህን ማጋነን እንዳይመስላችሁ። በሌሎች አገሮች የአስቤስቶስ ሠራተኞች ሚስቶች የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ እያራገፉ በማጠብ ብቻ ሜሶቴሊዮማ ይዟቸዋል።

ቀጥሎ ግቢው። በደረቁ መጥረግ ቀረ። ግቢውን በሙሉ የፀረ ተባይ መርጫ በሚመስል አዲስ የጀርባ ፓምፕ እንደ ጤዛ አረጠብነው። ውሃው ውስጥ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጨመርን፤ ሳሙና ያለበት ውሃ ቃጫው ላይ ቶሎ ይጣበቃል። ስብርባሪውን በጓንት አንድ በአንድ ለቀምን። ሉሁ የወደቀበትን አፈር ከላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል በእርጥቡ ፍቀን አነሳን። ሁሉም ድርብ ማዳበሪያ ውስጥ ገባ፤ ውስጡ ላስቲክ አለው።

የከበደው ግን የበርበሬው ጉዳይ ነው። እናትየው «አብሽር ልጄ፣ አቧራ ነው፣ አራግፌ አስፈጨዋለሁ» አሉኝ። አቧራውን መብላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል ባልተጨነቅኩ። በአስቤስቶስ ዋናው መንገድ ትንፋሽ ነው። በርበሬ ግን ምን ይደረጋል? ይራገፋል፣ ይቀነጠባል፣ ይደለቃል፣ ይነፋል። ይህ ሁሉ በደረቁ ነው፤ ይህ ሁሉ አፍንጫ ሥር ነው። ማራገፍ ማለት ቃጫውን መልሶ መሳብ ማለት ነው።

ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ በርበሬውን አዩት። «የዓመት ቀለቤ ነበር» አሉ። ከዚያ ራሳቸው «እንግዲህ ይቅር» አሉ። አርጥበን ከነሰሌኑ ጠቀለልነው። ዋጋውን ከእኔ ክፍያ ላይ ቆረጥኩ። ልጃቸው አይሆንም ብሎ ነበር፤ እኔ ግን ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ነው።

ቁርጡን አፍርሼ እንደገና

ሥራውን ለሁለት ቀን አቆምኩ። ተገቢው ጭምብል ደሴ ላይ አልተገኘልኝም፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከ። የወረቀቱ የአቧራ ጭምብል አይሆንም። የሐኪም ቤቱ ሰማያዊም አይሆንም፤ ጎኑ ክፍት ነው። የሚያስፈልገው ኤፍ ኤፍ ፒ 3 የሚባለው ወይም ማጣሪያው የሚቀየር የጎማ ግማሽ ፊት ጭምብል ነው። እኛ የጎማውን ወሰድን።

ጭምብል የሚሠራው ቆዳ ላይ ሲገጥም ብቻ ነው። ማጣሪያውን በእጅ ሸፍነህ ወደ ውስጥ ስትተነፍስ ፊትህ ላይ መጣበቅ አለበት። ጢም ካለ አየሩ በጢሙ በኩል ይገባል። አናጢያችን ጢማቸውን ያሳደጉ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ሸህ ነው የምንላቸው። ተላጩ አልልም፤ እሳቸውም አያደርጉትም። ስለዚህ እሳቸው ሉሁ ጋር አልቀረቡም። ነፋስ ከሚመጣበት በኩል፣ ግቢው ዳር ላይ ሆነው የእንጨት ሥራውን ሠሩልን።

ሁለተኛው ለውጥ ክፍያው ነው። ቁርጡን አፍርሼ በቀን ሂሳብ አደረግኩት። በእኔ ግምት ከጭምብሉ ይልቅ ይህ ነው ብዙ ሉህ ያተረፈው። በቁርጥ የሚሠራ ሰው አንድ ብሎን ላይ አምስት ደቂቃ ሲያጠፋ ከኪሱ ነው የሚያወጣው። ሁልጊዜ መዶሻው ያሸንፋል። በቀን ሲከፈለው ግን ብሎኑ ላይ በትዕግሥት ይሠራል። አሠሪው ሠራተኛውን ከሥራ ላይ አደጋ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይደነግጋል። ክፍያን በቁርጥ ማድረግ ያንን ግዴታ ከውስጥ እንደሚሸረሽር ያየሁት በዚህ ሥራ ነው።

ሉሁ በእርግጥ አስቤስቶስ መሆኑን በአጉሊ መነጽር ምርመራ አላስረገጥኩም። በዓይን ብቻ ማረጋገጥ አይቻልም። ነገር ግን ዕድሜው፣ ውፍረቱ፣ ስብራቱ ጠርዝ ላይ እንደ ፀጉር ብቅ ያለው ነጣ ያለ ቃጫ ሁሉ ወደዚያ ያመለክታል። ከጠረጠርክ እንደሆነ አድርገህ መያዝ ነው። ለማየት ብሎ መስበር ግን በፍጹም።

ሁሉም ነገር ብሎኑ ላይ ነው

ሉህ በራሱ አይሰበርም። የሚሰበረው ብሎኑ አልለቅ ሲል ነው። ስለዚህ የቀሩትን 33 ሉሆች ሥራ ከብሎኑ ጀመርን።

ወለሉ ላይ ወፍራም ላስቲክ አነጠፍን። ከውስጥ ፖንቴ ተከልን፤ ከማገሩ ሥር አንድ ሜትር ዝቅ ብሎ ለመቆም የሚያመች። መንጠቆው ማገሩን የሚያቅፈው ከሥር ነው፤ ስለዚህ ብሎኑን ከሥር መቁረጥ ይቻላል። ቀጫጭኖቹን ረጅም እጀታ ባለው የብሎን መቁረጫ መቀስ ቆረጥናቸው። መቀሱ የማይደርስበትን በሴጌቶ። መንጠቆው ሲቆረጥ ሉሁ ነፃ ይሆናል፤ ከላይ ያለው ብሎን ከነጉልላቱ ሉሁ ላይ ይቅር።

አንደኛው ልጅ «በግራይንደር ቢሆን በአንድ ሰዓት እንጨርሳለን» አለኝ። እውነት ነው፣ ብረቱን ቶሎ ይቆርጣል። ግን ዲስኩ አንድ ጊዜ ሉሁን ከነካ ሥራው ተበላሸ። የብሪታንያ የሥራ ደንብ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አየር ውስጥ 0.1 ቃጫ ነው ወሰን ያደረገው። የሲሚንቶ ሉህ በግራይንደር ዲስክ ሲቆረጥ በመመሪያዎቻቸው የተመዘገበው ከ15 እስከ 25 ነው። ከወሰኑ ከ150 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ግራይንደሩን መኪናዬ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ወደ 200 የሚጠጉ ብሎኖች ነበሩ። አንድ ቀን ሙሉ ወሰዱ። ያ ቀን ምንም ሉህ አልወረደም፤ ባለቤቱ ማታ መጥቶ ጣሪያው እንዳለ ሲያይ ቅር ብሎት ነበር። በማግስቱ ግን ሉሆቹ እንደ ሰሌዳ ተነሱ።

ማውረድ

ሲሠራ የመጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሳል። ስለዚህ የጣሪያውን አናት የሚሸፍነው ኮልሞ መጀመሪያ፣ ከዚያ የላይኛው ረድፍ፣ ቀጥሎ የታችኛው። የላይኛው የታችኛውን ይጫነዋልና ከታች ቢጀመር ጠርዙ ይሰበራል።

በየጠዋቱ ሉሁን ከላይም ከሥርም በጀርባ ፓምፑ አረጠብነው። በግፊት ቱቦ አይደለም። ግፊት ያለው ውሃ ዝናብ ለዓመታት ያሳሳውን ገጽ ይፍቅና ቃጫውን ከነጭቃው ያጥበዋል። ጠብ ጠብ የሚል እርጥበት ብቻ። በቀን ግማሽ በርሜል በቃን።

እርጥብ ሉህ ያንሸራትታል። ማንም ሉህ ላይ አልቆመም። ከመጋዘኑ ጫፍ ውጭ በተተከለ ፖንቴ ላይ ሆነን የመጀመሪያዎቹን አነሳን። ማገሩ ሲገለጥ ቢያንስ ሦስት ማገር ላይ የሚያርፍ ወፍራም ጣውላ አሠርንበት፤ ከዚያ ጣውላው ላይ እየቆምን ወደ ፊት ሄድን። ሁለት ሰው አንድ ሉህ ያነሳል። ሉሁን በሌላው ሉህ ላይ መጎተት የለም፤ ሲፋተግ ቃጫ ይወጣል። ቀና አድርጎ አንስቶ ማሻገር ነው።

ሸሁ ከሞራሌ እንደ ቃሬዛ ያለ መያዣ ሠሩልን። ሉሁ እሱ ላይ ይተኛል፣ በሁለት ገመድ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከታች ሁለት ሰው ይቀበላል። ሥራውን ጠዋት ብቻ ነው የሠራነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበረታብን ነበር። እናትየውና የቤቱ ልጆች እነዚያን ቀናት ጎረቤት ዋሉ።

በሁለት ቀን ተኩል 33ቱም ወረዱ። ሁለት ሉህ ጥጋቸው ተነቀለ፤ ስብራቱን ወዲያው አርጥበን፣ ቁራጩን በእጅ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትን። የቀሩት 31 ሙሉ ናቸው።

አሸንዳውን ልረሳው ነበር። አሸንዳው ውስጥ አራት ጣት የሚሆን ጥቁር ደለል ተኝቷል። ያ ደለል ለዓመታት ከጣሪያው የታጠበ ነው፤ ከሉሁ ይልቅ ልቅ ቃጫ የሚገኘው እዚያ ነው። እርጥብ እንዳለ በአካፋ ዛቅነው። ከደረቀ በኋላ ቢሆን ዱቄት ይሆን ነበር። የአሸንዳው ውሃ የሚገባበትን በርሜልም አጠብነው፤ ጭቃውን ከደለሉ ጋር ጨመርነው።

በግ ቤቱ

ሉሆቹን ላስቲክ ላይ፣ ከሥር ሞራሌ አድርገን ደረደርን። በድርብ ወፍራም ላስቲክ ጠቅልለን በፕላስተር አሸግን። «አስቤስቶስ፣ አትክፈት፣ አትስበር» ብለን በትልቁ ጻፍን።

በዚህ መካከል አንድ ጎረቤት መጡ። ሉሆቹ ሙሉ ናቸው፣ ያምራሉም። «ለበግ ቤቴ አሥር ስጡኝ፣ ለመጣል ካላችሁ» አሉ። አነጋገራቸው ልብ ይነካል። ክረምቱ የበግ ቤታቸውን ጣሪያ ወስዶባቸዋል። ምን ልበላቸው?

ቁጭ ብዬ ነገርኳቸው። ለበግ ቤት ሉሁን በልክ መቁረጥ አለባቸው። ምስማር ለመምታት መብሳት አለባቸው። ሁለቱም በደረቁ፣ ያለ ጭምብል፣ ልጆቻቸው በቆሙበት ይሆናል። ስጦታው ያን ሰኞ ጠዋት እኔ ጋር የሆነውን እሳቸው ግቢ ውስጥ መድገም ነው። አልሰጠኋቸውም። ባለቤቱ ከአዲሱ ኢጋ የተረፉትን ሦስት ቁራጮችና የቀድሞውን የብረት በር ሰጣቸው። በግ ቤቱ ተሸፈነ።

እንዲህ ያለው ሉህ ከአንድ ጣሪያ ወርዶ አጥር፣ የሽንት ቤት ግድግዳ፣ የዶሮ ቤት ሲሆን ብዙ ቦታ አይቻለሁ። እያንዳንዱ ዝውውር አዲስ መጋዝና አዲስ ምስማር ነው። ማቃጠልም አያጠፋውም፤ እሳት ውስጥ ሉሁ እየፈነዳ ይበታተናል።

ማስወገጃው መቅበር ነው። ከከተማው ማዘጋጃ ጋር ተነጋግረን ከውሃ መውረጃ የራቀ፣ ሌላ ቁፋሮ የማይደርስበት ቦታ ተፈቀደልን። ፈቃዱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ጥቅሉ መጋዘኑ ውስጥ ተቆልፎ ተቀመጠ። በጭነት መኪና ላይ ሸራ ለብሶ ሄደ፤ እየተጣለ ሳይሆን በእጅ ወረደ። ከስብርባሪው፣ ከበርበሬው፣ ከልብሱ፣ ወለሉ ላይ ከተነጠፈው ላስቲክ ጋር አብሮ ተቀበረ። ከላይ ከአንድ ሜትር በላይ አፈር ተመለሰ። የጉድጓዱን ቦታ በንድፍ አስፍሬ አንዱን ለቢሮው፣ አንዱን ለባለቤቱ ሰጠሁ፤ ነገ እዚያ ቤት ልሥራ የሚል ሰው ቢመጣ እንዲታወቅ።

ሂሳቡ

ከ40 ሉህ ሰባቱ በሃያ ደቂቃ ተሰበሩ። 33ቱ ብሎን ከመቁረጡ ጋር ሦስት ቀን ተኩል ወሰዱ። ግን የሰባቱ ጽዳት ብቻውን አንድ ቀን ተኩል በላ። እንደ ሰባቱ ሁሉንም ብንሰብር ኖሮ ግቢው በሙሉ አፈሩ መፋቅ ነበረበት፤ ያኔ 11 ቀንም አይበቃም። ፍጥነቱ የታየው ጣሪያው ላይ ብቻ ነው። መሬት ላይ ሲደርስ ዕዳ ሆነ።

ሁለቱ ልጆች እስከ መጨረሻው አብረውኝ ሠሩ። መቀሱን ማን ይያዝ ብለው ይሻሙ ነበር። ሥራው ሲያልቅ የጭምብሉን ማጣሪያ ጣልኩ፣ ጎማውን አጥቤ ሰጠኋቸው።

ጥር ላይ ደሴ አንድ ሌሊት ዘነበ። በማግስቱ ሄጄ ግቢውን አየሁ። የፋቅነው ቦታ ደህና ነው። ከድንጋዩ አጥር ሥር ግን ዝናቡ አፈሩን አጥቦ ሦስት አውራ ጣት የሚያህሉ ግራጫ ቁራጮች ወጥተዋል። ሰኞ ጠዋት ሲጣሉ ወደዚያ ተፈናጥረው እኛ ያላየናቸው ናቸው። አርጥቤ አነሳኋቸው። ጉድጓዱ ከተዘጋ ቆይቷል። አሁን በታሸገ ጣሳ ውስጥ ናቸው፤ እናትየውም ከእያንዳንዱ ዝናብ በኋላ አጥሩ ሥር አይተው፣ ሳይነኩ እንዲደውሉልኝ ተስማምተናል። እስካሁን ሁለቴ ደውለዋል።